«አሜን» ያልተባለለት ምርቃት

የመጀመሪያውን መልስ የላክሁት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ስልኬ ጮኸ፣ ከፍቼ ሳይ ጉግል ላይ ለአሳ ቤታችን የተሰጠ 5 ኮከብ። ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ደስ አለኝ። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኳትን የምስጋና ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኳትና ላክኋት፤ ከመናኸሪያ ተነስተን ሐይቁ ዳር ሳንደርስ ሥራው አልቆ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ተመልሶ ገብቶ እታች ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። የጨመረውን ሳነብ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። የደንበኛ ገጽ የምትይዙ ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፣ የተበላሹትንም መልሶች እንዳሉ አስቀምጣቸዋለሁ።

ቤቱ የእትዬ ነው፤ የአባቴ እህት ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ 2 የሞተር ጀልባና 7 ጠረጴዛ ያለው አሳ ቤት። ጀልባዎቹ ሰው ወደ ዘጌ ያመላልሳሉ፣ ቤቱ ቆሮሶና አምባዛ ይጠብሳል። እኔ ጉግል ካርታ ላይ ያለውን ገጻችንን እይዛለሁ። ፎቶ እጭናለሁ፣ የሥራ ሰዓት አስተካክላለሁ፣ ሰው ሲጽፍ መልስ እሰጣለሁ። ለተመሰገነ ነገር ሁሉ የምመልሳት ጽሑፍ አንዲት ነበረች፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ስለሰጡን መልካም አስተያየት ከልብ እናመሰግናለን! በምግባችንና በአገልግሎታችን ስለተደሰቱ ደስ ብሎናል። ሁልጊዜም እርስዎን ለማገልገል ዝግጁ ነን። በድጋሚ ይጎብኙን!»

ይህቺን ከዚያን ቀን በፊት 31 ጊዜ ለጥፌያለሁ። አንድም ሰው ቅር አላለውም፣ ወይም ቅር ብሎት ዝም አለ።

የዚያ ቀን ጽሑፍ ግን ይህ ነበር። የጀልባ ነጂያችን ስም በጽሑፉ ውስጥ ነበረበት፤ ከዚህ ቀንሼዋለሁ።

«እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም አልሙት ማለት ከጀመረች ዓመታት አለፉ፣ ግን ውሃ ትፈራለች። የካቲት 17 ይዣት መጣሁ። ጀልባ ነጂው እንደ ልጇ ነው የያዟት። ላይፍ ጃኬቱ ሰፍቷት ሲንሸራተት በነጠላዋ ወገቧ ላይ አስረው አጠበቁላት። መቀመጫው ቀዝቃዛ ነው ብለው ጋቢያቸውን አነጠፉላት። ወደ ላይ ቀስ እያልን ወጥተን እስክንመለስ ከሦስት ሰዓት በላይ ጠበቁን፣ አንድም ጊዜ የት ደረሳችሁ ብለው አልደወሉም። ስንመለስ ውሃው ተነስቶ ነበር፣ ዳር ዳሩን ይዘው በቀስታ አመጡን። እናቴ እስካሁን ስማቸውን እያነሳች ትመርቃለች። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፣ ቤታችሁን ይባርክ።»

ከዚህ ሥር ነው «በምግባችን ስለተደሰቱ» ብዬ የጻፍኩት።

እሷም ጨመረችበት፦ «የተሰጠኝን መልስ አየሁት። እኛ ጾመኞች ነበርን፣ ምግብም አልቀመስንም። ጽሑፌ ለጀልባ ነጂው እንዲደርስልኝ ነበር የፈለግሁት።» ኮከቡን አልቀነሰችም። አምስቱም እዚያው አሉ። ቢቀንስ ይሻለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ኮከብ ሲቀንስ ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል፣ ይህ ግን እኔ ካላየሁት ማንም አያየውም ነበር።

(እሷ እያልኩ የምጽፈው አሁን ስለማውቅ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር፣ እመለስበታለሁ።)

ጽሑፉን ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ዓቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የካቲት 17 የኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው፤ ሰው ስእለቱን ይዞ፣ ጾሙን ይዞ፣ ገዳም ተሳልሞ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይበት ቀን። ለእንዲህ ያለ ሰው ስለ አሳ ጥብስ ማመስገን ስህተት ብቻ አይደለም፣ ያስቀይማል። ዓረፍተ ነገሯ ለአሳ በላተኛ ነበር የተጻፈችው፣ እኔ ግን ለጀልባ ተሳፋሪም፣ ለጾመኛም፣ ቡና ብቻ ጠጥቶ ለሄደም እሷኑ ስለጥፍ ነበር። የተገለበጠ መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እንዲህ ነው። ቃሉ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሰውዬው ያላደረገውን አድርገሃል ስለሚለው።

ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው። መጨረሻዋን አንብቧት፦ «ዕድሜ ይስጣቸው፣ ቤታችሁን ይባርክ።» ይህ አስተያየት አይደለም። ምርቃት ነው። አንድ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ «ቤታችሁን ይባርክ» ቢለን «ስለሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል ሰው አለ? የለም። ሕፃን ልጅ እንኳ «አሜን» ይላል። እኔ እዚያው ሐይቅ ዳር ተወልጄ አድጌ፣ ስልክ ስይዝ ይህን ረሳሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ከድሮዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ፈለግሁ፤ በአማርኛ የተጻፉት ምስጋናዎች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ምርቃት አለባቸው። «በርቱ»፣ «እጃችሁ ይባረክ»፣ «ያሳድጋችሁ»፣ «ክፉ አይንካችሁ»። ለ«በርቱ» መልሱ «አብረን» ነው። ለ«እጃችሁ ይባረክ» መልሱ «አሜን» ነው። ቋንቋው መልሱን አብሮ ሰጥቶናል፣ እኛ ግን ከሆነ የባንክ ማስታወቂያ ላይ የመጣ የሚመስል ነገር እንለጥፍበታለን።

ስልኩን ይዤ ወደ ጀልባው ወረድኩ።

ጀልባ ነጂያችን ጋሼ ሞተሩን ከፍተው ይጠርጉ ነበር። እሳቸው የሚይዙት ተራ ስልክ ነው፣ የሚጻፍላቸውን አያዩም። ለ31 ሰው መልስ ስሰጥ ምን ያህሉ እሳቸውን እንደሚያነሳ አስቤ አላውቅም፤ በኋላ ስቆጥር 9 ነበር። ከ9ኙ አንዱንም አልነገርኳቸውም።

«ጋሼ፣ የካቲት 17 ዑራ የወሰዷቸው እናት ትዝ ይሉዎታል?» አልኳቸው። ዝም ብዬ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ መጀመሪያ የጀልባ ደብተሩን አይቻለሁ። በዚያ ቀን ወደ ዘጌ 3 ጉዞ ነበረን፣ ሁለቱን የነዳው ሌላው ልጅ ነው፣ አንዱ የጋሼ ነው። ይህን ሳታጣሩ መልስ አትጻፉ። የሌላ ሰው ታሪክ ለዚህ ሰው መጻፍ ከተገለበጠ መልስም ይብሳል።

ትዝ አላቸው። ያን ጊዜ ጽሑፉን ከላይ እስከታች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ላይ እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ እያሹ ነበር። ስለ ጋቢው ስደርስ አቆሙ። «ቤታችሁን ይባርክ» ስል ባርኔጣቸውን አወለቁና «አሜን፣ አሜን» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እናታችን ደህና ገቡ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እንዴት አታውቂም? ጽፋ የለ እንዴ ልጅቱ፣ ጠይቂያት እንጂ።»

ልጅቱ ሲሉ ነው ሴት መሆኗን ያወቅሁት። ገጹ ላይ የነበረው መጠሪያ «የኪዳነ ምሕረት ልጅ» የሚል ነው፣ ፎቶ የለውም። ደግሞ አማርኛ እኔ እያለ ሲናገር ጾታ አይለይም፦ «መጣሁ፣ ይዣት፣ ፈለግሁ» ብሎ ወንድም ሴትም ይጽፋል። መልስ ስትጽፉ ግን ወዲያው መምረጥ አለባችሁ፤ ጻፍክልን፣ ጻፍሽልን፣ ጻፉልን። ብዙ ገጾች እርስዎን የሚመርጡት ከአክብሮት ብቻ አይመስለኝም፣ ጾታም ዕድሜም ስለማያጠያይቅ ነው። ግን በየመስመሩ እርስዎ፣ ለእርስዎ፣ እርስዎን ሲሆን የባንክ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ጋሼ ልጅቱ ስላሉ ብቻ ሴት አድርጌ መጻፍም አልፈለግሁም፤ ወንድሟ ቢሆንስ የጻፈው፣ አብረው 4 ሆነው ነበር የመጡት። እናም እናንተ ብዬ ለሁሉም ለመጻፍ ወሰንኩ። እናቲቱንም ይጨምራል፣ አያሳፍርም፣ ደጃችን ላይ ለመጣ ቤተሰብ እንደዚሁ ነው የምንናገረው፦ «ግቡ፣ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።»

ጋሼ ሌላም ነገር አወሩኝ። እናትዬው ሲመለሱ በመንገድ እንዳለቀሱ። ጉልበታቸው ክፉኛ እንደሚያማቸው፣ ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የድንጋይ መንገድ በቡናው ጫካ መሐል ስንት ጊዜ አርፈው እንደወጡት። ዳር ዳሩን የያዙትም ለምን እንደሆነ ነገሩኝ። ከቀትር በኋላ ንፋሱ ሲነሳ የጣና መሐሉ ይናወጣል፣ ጀልባ በማዕበሉ ላይ ይዘላል፣ መዝለሉ ለጎበዝ ምንም አይደለም፣ ጉልበቱን ለሚያመው ግን ቅጣት ነው። ነዳጁ ይበዛል፣ መንገዱ ይረዝማል። እትዬ የነዳጅ ደብተሩን ያዩ ጊዜ ተቆጥተዋቸው ነበር። ጋሼ ቁጣውን ዝም ብለው ተቀበሉ። ምክንያቱን እስከዚያች ቀን አልተናገሩም።

እነሆ፣ የመጀመሪያ ረቂቄ። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት፦

«በተፈጠረው ስህተት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁልጊዜም ለደንበኞቻችን ቅድሚያ እንሰጣለን። ጀልባ ነጂያችን የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ናቸው። ከዘጌ ሌላ ወደ ደሴቶችና የዓባይ መውጫ ጉዞ ስላለን በሚቀጥለው ጊዜ…»

እዚህ ላይ ራሴ አቆምኩ። ሰው እናቱን ስእለቷን አድርሶ አመሰገነን፣ እኛ ደግሞ ሌላ ጉዞ ልንሸጥለት። ምስጋና ላይ ሽያጭ ሲጨመር ምስጋናው ወዲያው ይደርቃል፤ ለሚያነበው ለሌላውም ሰው ያስታውቃል። ደግሞ ስልክ ቁጥራችን ገጹ ላይ አለ፣ ጉዞዎቹም አሉ። ማንም ሰው መልሳችን ውስጥ አይፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ረቂቅ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። የጋሼ ወሬ ልቤን ነክቶት ስለነበር ሁሉን ከተትኩት፦ «እናታችሁ በመንገድ ሲያለቅሱ ጋሼም አብረው አለቀሱ፤ የእናታችን ጉልበትስ እንዴት ሆነ፣ እንዲያ ታመው ያን ዳገት መውጣታቸው…»

ይህን ለእትዬ አሳየኋቸው። ወጥ እያማሰሉ ነበር፣ ማማሰያውን እንደያዙ አነበቡት። «እሷ ናት ስለ ጉልበታቸው የጻፈችው?» አይ፣ ጋሼ ናቸው የነገሩኝ። «ስለ ለቅሶውስ?» ጋሼ። «ታዲያ የሰው እናት እንባ አደባባይ ላይ ይወጣል? አንቺ ብትሆኚ ትወጃለሽ?»

አልወድም። እውነታቸውን ነው። እሷ የጻፈችው ዕድሜያቸውን፣ ፍርሃታቸውን፣ ስእለታቸውን ነው፤ የመረጠችው እሱን ነው። ከዚያ ውጭ እኛ ያየነው፣ የሰማነው፣ ደብተራችን ላይ ያለው ሁሉ የእሷ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ይሄ መስመር በጣም ጠቃሚ ነው፣ በተለይ መልሳችሁ የተገለበጠ እንዳይመስል ብላችሁ ዝርዝር ስትፈልጉ ቶሎ ይታለፋል። ዝርዝር ስጡ፣ ግን ከእሷ ጽሑፍ የተወሰደ ወይም ከእናንተ ወገን የሆነ ዝርዝር። የእኛ ወገን ምን ነበር? ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አሜን» ማለታቸው። ያ የእኛ ነው። ደግሞም ከማንም ሊገለበጥ አይችልም፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ከደረሰን በኋላ፣ በጽሑፉ ምክንያት የሆነ ነገር ነው።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ያመሰገነን ሰው ያደረግንለትን ያውቃል፣ እሱን መልሰን ብንተርክለት ምንም አልጨመርንለትም። የማያውቀው ምስጋናው ከተላከ በኋላ የት እንደደረሰ ነው። እሷም እኮ የጠየቀችው እሱን ነው፦ «ለጀልባ ነጂው እንዲደርስልኝ ነበር የፈለግሁት።»

የጋሼ ልጅ በመሐል አንድ ሐሳብ አመጣ። ደውለን በነጻ አንድ ጉዞ እንስጣትና ያቺን የጨመረችውን ታጥፋው። ደግ ልጅ ነው፣ አባቱ ስለተመሰገኑ ደስ ብሎት ነው። ግን አይሆንም። ጉግል በስጦታ የተገዛ ወይም በስጦታ የተለወጠ አስተያየት ይከለክላል። ከሕጉም በፊት ደግሞ ልጅቱ እውነቷን ነው የጻፈችው፣ እውነት የጻፈን ሰው ዝም በይ ብሎ መክፈል ነውር ነው። መስመሯ እዚያው ትቀመጥ፣ መልሳችን ከሥሯ ይቀመጥ ተባለ።

እትዬ ያዩት ሌላ ነገር አለ፣ እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ ያላየሁት። «ላይፍ ጃኬቱ ሰፍቷት» ይላል እኮ፣ አሉኝ። ልጅቱ ይህን የጻፈችው ጋሼን ለማመስገን ነው፤ በነጠላ አሰሩላት ብላ። ግን ሰው እየተንሸራተተ የሚሄድ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ጣና ላይ ሄደ ማለት ነው። ነጠላ ውሃ ላይ አያድንም። ጋሼን ስንጠይቃቸው፣ የኛ ጃኬቶች 18 ሲሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ትልቅ ልክ ናቸው፣ ቀጠን ላሉ ሴቶችና ለልጆች ሁልጊዜ ነው የሚሰፉት፤ ለእትዬም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ነግሬያለሁ አሉ። እትዬም «አዎ፣ ረስቼው ነው» ብለዋል። 5 ኮከብ ያለው ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል። ሰው ሲወደን ጉድለታችንን በደግ ቃል ጠቅልሎ ነው የሚነግረን፣ ቶሎ ያነበበ አያገኘውም።

ገዝተናል ብዬ ልጽፍ ነበር። እትዬ ከለከሉኝ። «ሳንገዛ ገዝተናል አትበዪ። እየፈለግን ነው በዪ፣ እውነቱ እሱ ነው።»

በመጨረሻ የተላከው ይህ ነው፦

«አሜን፣ የእናንተንም ቤት ይባርክ። መጀመሪያ የሰጠነው መልስ ጽሑፋችሁን በደንብ ሳናነብ የላክነው ነው፤ በጾም ቀን እንዲያ በመጻፋችን ይቅርታ። ዛሬ ጠዋት ጽሑፋችሁን ጀልባው ላይ ለጋሼ አነበብንላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አሜን አሉ፣ ቀጥለውም ‹እናታችን ደህና ገቡ?› ብለው ጠየቁን፤ እኛም እናንተን እንጠይቅላቸዋለን ብለናቸዋል። ላይፍ ጃኬቱ መስፋቱን ያስታወሳችሁን እናንተ ናችሁ። ጠበብ ያለ ልክ እየፈለግን ነው። — ገጹን የምጽፈው የቤቱ ልጅ»

ከመላኩ በፊት እትዬ ስልኩን ተቀብለው አንድ ነገር አደረጉ። ወደ ታች ወርደው አንድ ሌላ ሰው ስለ ቆሮሶ ጥብሳችን የጻፈውን አወጡና የኔን መልስ ከሱ ሥር እንዳለ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። «አሜን… ጋሼ ባርኔጣቸውን… ላይፍ ጃኬቱ…» አይገጥምም። «በይ ላኪው» አሉ። የድሮዋን ጽሑፍ በዚያው መንገድ ብናነባት ከሁሉም ሥር ትገጥም ነበር፤ ከሆቴልም፣ ከባጃጅ መለዋወጫ መደብርም ሥር።

አንዳንድ ነገር ከዚህ መልስ ላይ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። «ውድ ደንበኛችን» የለም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የድርጅቱ ስም የለም፣ ገጹ ላይ ተጽፏል። የቃለ አጋኖ ምልክትም የለም፤ የድሮዋ ላይ ሁለት ነበረ፣ ምልክቱ ደስታውን አይጨምርም ነበር። «በድጋሚ ይጎብኙን»ም የለም፣ ምክንያቱም ስእለት ለማድረስ የመጣን ሰው መልሰህ ና ማለት ትንሽ ያስከፋል፣ እሷ የምትመጣው በሌላ ምክንያት ነው። ለአሳ በላተኛ ቢሆን ኖሮ «ብቅ በሉ» እል ነበር። «አሜን» የሚለውንም የጻፍኩት እሷ እግዚአብሔርን ስለጠራች ነው። ሌላ ሰው «አሪፍ ቀን ነበር» ብሎ ብቻ ሲጽፍ ሃይማኖት እኔ አላመጣበትም፤ ጣና ዳር የሚመጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፣ እሱ በከፈተው በር ነው የምገባው።

ገጹ ለአንድ ጽሑፍ የባለቤት መልስ አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ግን መልሱ ይታረማል። እኔም አዲስ አልጨመርኩም፣ የድሮዋን አጥፍቼ በቦታዋ ይህን ጻፍኩ። ስለዚህ ነው ያቺ «በደንብ ሳናነብ የላክነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ያስፈለገችው። እሷ ከሌለች፣ የልጅቱን ቅሬታ ያነበበ ሌላ ሰው «የቱ መልስ?» ይላል፣ እሷም የማይረባ ነገር ያወራች ትመስላለች። ስህተታችሁን አርማችሁ ዱካውን ብታጠፉት የሚጎዳው እውነቱን የተናገረው ሰው ነው።

አሁን እያንዳንዱ ሰው እንዲህ ይመለስለት እያልኩ አይደለም፣ እንዳታጣምሙብኝ። «ጥሩ ቦታ» ብሎ 5 ኮከብ ለሰጠ ሰው ጋሼን ከጀልባ አስወርጄ ላነብላቸው አልችልም። ለእሱ «እናመሰግናለን፣ በሰላም ግቡ» ይበቃል፣ አጭር ለጻፈ አጭር። ሁለት ቃል ለጻፈ ሰው አምስት መስመር ብትመልሱለት ይጨነቃል። ምንም ሳይጽፍ ኮከብ ብቻ የሰጠውን ደግሞ እኔ አሁን ዝም ነው የምለው፣ የምመልስለት ቃል አልሰጠኝምና።

ረጅም ጽፎ፣ ሰው ጠርቶ፣ መርቆ ለሄደ ግን ጊዜ ይገባዋል። የዚህ መልስ ከደብተር ማየት እስከ መላክ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ አብዛኛው መጻፍ አይደለም፣ ጋሼን ማግኘትና ማንበብ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚመጣልን በወር ሁለት ወይም ሦስት ነው። ይቻላል። እስኪደርስም ድረስ መልስ ሳይሰጡ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት ምንም አያደርግም፣ የኔ ጥፋት የመጣው በ10 ደቂቃ ውስጥ ልመልስ ብዬ ነው።

ወደ 31ዱ የድሮ መልሶችም ተመለስኩ። ሁሉን አልቀየርኩም። ጋሼን ያነሱትን 9ኙን ብቻ አወጣሁና ጀልባው ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፣ የጻፈው ማን እንደሆነ ያስታወሷቸው 4 ነበሩ፤ የአራቱን መልስ ቀየርኩ። አምስቱን ጋሼ አላስታወሷቸውም። ያልታወሰን ሰው አስታወስንህ ማለት ውሸት ስለሆነ ተውኳቸው።

ጠበብ ያሉት ጃኬቶች ከአዲስ አበባ መጡ፣ 4 ናቸው፣ 8 ቀን ፈጀ። ያን ጊዜ መልሱን ከፍቼ «እየፈለግን ነው» የምትለውን «4 ጠበብ ያሉ ገዝተናል» አደረግኋት።

ልጅቱ ጃኬቶቹ ሳይመጡ በፊት ነው ተመልሳ የገባችው። ስለ ጾሙ የጻፈችውን አላጠፋችውም። ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምራለች፦ «እናቴ ደህና ገብታለች በሏቸው፤ ጉልበቷም ለቀቅ አድርጓታል።»

ስለ ጉልበቱ ራሷ ጻፈችው። እኔም እያነበብኩ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ጋሼ የሉም፣ ሰው ይዘው ዘጌ ሄደዋል፣ ጀልባቸው ከዳር አይታይም። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ዳር ዳሩን ይዘው መጡ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ከሩቅ «ደህና ገብተዋል አለች!» ብዬ ጮህኩላቸው፣ አልሰሙኝም፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» አሉኝ።